የሌክቸር ትራንስክሪፕትን ወደ ንጹህ ኖት መቀየር፦ ምሳሌው ሳይጠፋ

የአንድ ሰዓት ተኩል ሌክቸር ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ብዙ ገጽ ይሆናል። አብዛኛው ሰው ከላይ ጀምሮ እያነበበ "እሺ"ውን፣ "ማለት ነው"ን፣ የጎን ጨዋታውን ይሰርዛል። ኖቱ አጥሮና አምሮ ይወጣል። ጥያቄ ልሥራበት ብሎ ሲቀመጥ ግን ምሳሌው መሃሉ የለም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ወይም ደግሞ መምህሩ ራሱ "ተሳስቻለሁ፣ አጥፉት" ያለው ቁጥር ኖቱ ላይ ቁጭ ብሏል።

ይህ የሚሆነው ሥራው ከተሳሳተ ጫፍ ስለሚጀመር ነው። መጀመሪያ ምሳሌዎቹን አጥሩ፤ ማለትም መነሻና መድረሻቸውን በምልክት ከልሉ። ቀጥላችሁ የጎን ጨዋታውን ለዩ። የአፍ ልማድ ቃላትን የምትለቅሙት መጨረሻ ላይ ነው። ይህን መመሪያ የማስረዳው በአንድ የአካውንቲንግ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ርዕሱ የእርጅና ቅናሽ ወይም በክፍል አነጋገር ዲፕሪሲየሽን ነው፤ የአንድ ንብረት ዋጋ በየዓመቱ ስንት እንደሚቀንስ የሚሰላበት ማለት ነው። ቅንጭቡን ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ያዘጋጀሁት ቢሆንም፣ ውስጡ ያሉት ችግሮች በየትኛውም የሂሳብ፣ የፊዚክስ ወይም የስታትስቲክስ ሌክቸር የሚያጋጥሙ ናቸው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጓችሁ አራት ነገሮች ናቸው።

ድምፁ ራሱ። ትራንስክሪፕቱ ብቻውን አይበቃም። የሚያጠራጥር ቁጥር ሲያጋጥም ተመልሳችሁ የምታዳምጡት ድምፁን ነው። ኖቱ እስኪያልቅ ድረስ ከስልካችሁ አታጥፉት።

የሰዓት ምልክት ያለበት ትራንስክሪፕት። በየአንቀጹ መጀመሪያ ላይ እንደ `[00:42:05]` ያለ ምልክት ይኑር። ከሌለው ቢያንስ በየሁለት ደቂቃው ራሳችሁ አስገቡ። ምልክቱ ከሌለ አንዲትን ቁጥር ለማጣራት ሙሉውን ድምፅ ማዳመጥ ይመጣል።

የቦርዱ ፎቶ ወይም የአንድ ጓደኛ ደብተር። መምህሩ "ይሄ ከዚህ ሲቀነስ" ሲል "ይሄ" ምን እንደሆነ የሚያውቀው ቦርዱ ነው። ፎቶ ካላነሳችሁ ያን ቀን ክፍል የነበረ ልጅ ደብተሩን እንዲልክላችሁ ለምኑ። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ይሁን፤ ከሳምንት በኋላ ደብተሩም ልጁም ላይገኙ ይችላሉ።

ካልኩሌተር። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 3 ላይ ታያላችሁ።

ጊዜም መድቡ። የአንድ ሰዓት ተኩል ሌክቸር እኔን ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይወስድብኛል። በአንድ ቁጭታ ለመጨረስ አትሞክሩ። ደረጃ 3 ሲያልቅ ማረፍ ጥሩ ነው።

## ደረጃ 1፦ ሦስት ፋይል ክፈቱ

1. ትራንስክሪፕቱን "ጥሬ" ብላችሁ አስቀምጡ። ይህን ፋይል በፍጹም አትንኩት።
2. ግልባጩን "ሥራ" በሉት። የምትሰርዙት፣ የምታዘዋውሩት እዚህ ላይ ነው።
3. ባዶ ፋይል ከፍታችሁ "ትርፍ" በሉት። ከ"ሥራ" ቆርጣችሁ የምታወጡት ሁሉ ከነሰዓት ምልክቱ እዚህ ይገባል።

ሦስተኛው ፋይል ለብዙ ሰው ትርፍ ሥራ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይዘለዋል። አትዝለሉት። የጎን ጨዋታ መስሏችሁ የቆረጣችሁት ነገር ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲጠቀስ የምታገኙት እዚያ ነው። መሰረዝ ከባድ የሚሆነው "ብሳሳትስ?" ስለሚባል ነው። ማስቀመጫ ካለ እጅ አይፈራም።

## ደረጃ 2፦ ምሳሌዎቹን አጥሩ

አሁን "ሥራ"ን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አንብቡ። ምንም አትሰርዙ። የምትፈልጉት የምሳሌን መነሻና መድረሻ ብቻ ነው። ይህ የሥራው ቅንጭብ ነው፤ የሚወራው ስለ ደብል ዲክላይኒንግ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ስለሚቀንሰው የስሌት ዘዴ፦

> [00:41:10] እሺ፣ እንግዲህ ምንድነው፣ አሁን ደብል ዲክላይኒንግን እንይ። ማሽኑ ያው የቅድሙ ነው። አምስት መቶ ሺህ፣ እንትኑ ሃምሳ ሺህ፣ አምስት ዓመት። አይደል?
>
> [00:41:38] ሶ ሬቱ ስንት ነው? አንድ ለአምስት ሃያ ፐርሰንት፣ እጥፍ ስናደርገው አርባ ፐርሰንት ማለት ነው። ገባችሁ?
>
> [00:42:05] እ... አምስት መቶ ሲቀነስ ሃምሳ፣ አራት መቶ ሃምሳ፣ በአርባ ፐርሰንት፣ መቶ ሰማንያ ሺህ።
>
> [00:42:31] እስኪ በሩን ዝጉት። ጎረቤቴ ሚኒባስ ገዝቶ ነበር ብያችሁ የለ? በመጀመሪያው ዓመት ነው ዋጋው ቁልቁል የወረደው። አራተኛው አምስተኛው ዓመት ላይ እምብዛም አልቀነሰም። አሁን ሹፌሩ ጋር ተጣልቶ...
>
> [00:43:50] ቆይ፣ ቆይ። ተሳስቻለሁ። እዚህ ላይ ሳልቬጅ አይቀነስም። ያን አጥፉት። አምስት መቶ በአርባ ፐርሰንት፣ ሁለት መቶ ሺህ። ይሄ ከዚህ ሲቀነስ ሦስት መቶ።
>
> [00:44:20] ሁለተኛው ዓመት ያው አርባ ፐርሰንት፣ ግን በሦስት መቶው ላይ። መቶ ሃያ። በቃ እንዲህ እያላችሁ ትወርዳላችሁ።
>
> [00:46:02] (ተማሪ) መምህር፣ አምስተኛው ዓመት ላይ እኔ ያገኘሁት ከሃምሳ ሺህ በታች ሆነብኝ።
>
> [00:46:15] ጎበዝ። እዚያ ጋ ትቆማላችሁ። ከሳልቬጅ በታች አይወረድም።

መነሻው የት ነው? ብዙ ሰው 00:41:38 ላይ ይላል፤ ሂሳቡ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ። ነገር ግን የተሰጡት ቁጥሮች ያሉት 00:41:10 ላይ ነው። "የቅድሙ ማሽን" ደግሞ ወደ ኋላ፣ በየዓመቱ እኩል ወደሚቀንሰው የስትሬት ላይን ዘዴ ምሳሌ ይመልሳል። መነሻ የምትሉት የመጀመሪያው የተሰጠ ቁጥር ያለበትን ቦታ ነው።

መድረሻውም ያታልላል። "በቃ እንዲህ እያላችሁ ትወርዳላችሁ" ሲል ያለቀ ይመስላል። ዋናው ነጥብ የመጣው ግን ከዚያ በኋላ፣ ከተማሪ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ምሳሌው አልቋል ብላችሁ ካሰባችሁበት ቦታ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ወደ ፊት አንብቡ። ስለዚያው ቁጥር የሚያወራ አንድም ሰው ካለ አጥሩን እስከዚያ ግፉት።

አጥሩን በሁለት መስመር ምልክት አድርጉ፦

```
=== ምሳሌ 2 መነሻ 00:41:10 ===
=== ምሳሌ 2 መድረሻ 00:46:40 ===
```

ማስጠንቀቂያ፦ በአጥሩ ውስጥ ያለውን ምንም ነገር ደረጃ 3 ሳያልቅ አትቁረጡ። የበሩንም፣ የሹፌሩንም።

## ደረጃ 3፦ ምሳሌውን ራሳችሁ ሥሩት

ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። ኖቱን የሚያድነውም ይኸው ነው። ምሳሌውን በንባብ ብቻ ማጽዳት አይቻልም። ወረቀት ይዛችሁ፣ ካልኩሌተር ይዛችሁ ሥሩት።

ሀ. የተሰጠውን ጻፉ። የማሽኑ ዋጋ 500,000 ብር። ሳልቬጅ ቫሊዩ፣ ማለትም ማሽኑ አገልግሎቱን ሲጨርስ ይሸጥበታል ተብሎ የሚገመተው ዋጋ፣ 50,000 ብር። የአገልግሎት ዘመን 5 ዓመት። "እንትኑ ሃምሳ ሺህ" ያለው ሳልቬጁን መሆኑን ከስትሬት ላይኑ ምሳሌ አረጋግጡ። "እንትን" የሚሰረዝ ቃል አይደለም፤ በስም የሚተካ ቃል ነው። ከሰረዛችሁት 50,000 ባለቤት የሌለው ቁጥር ይሆናል።

ለ. "ይሄ"ን እና "እዚህ"ን በስማቸው ተኩ። "ይሄ ከዚህ ሲቀነስ ሦስት መቶ" የሚለው በጽሑፍ ምንም አይናገርም። የቦርዱን ፎቶ አይታችሁ ሙሉውን ጻፉት፦ የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ 200,000 ከ500,000 ሲቀነስ ቡክ ቫሊዩው፣ ማለትም ከቅናሹ በኋላ የቀረው ዋጋ፣ 300,000 ብር ይሆናል። ፎቶ ከሌለ ሂሳቡ ራሱ ይመራችኋል፤ 300,000 የሚሰጠው መቀነስ አንድ ብቻ ነው።

ሐ. የተጣሉ ዜሮዎችን መልሱ። መምህራን ሲያስረዱ "ሺህ"ን ይተዋሉ። "አምስት መቶ በአርባ ፐርሰንት" ብሎ "ሁለት መቶ ሺህ" ይላል። እንዳለ ከተጻፈ አንዱ መስመር በሺህ፣ ሌላው በነጠላ ብር ይሆናል። ሁሉንም በሙሉ አሃዝ ጻፉ።

መ. እያንዳንዱን ውጤት አስሉ።

1 ÷ 5 = 20%
20% × 2 = 40%
500,000 × 40% = 200,000

ልክ ነው። 00:42:05 ላይ ያለው 180,000ስ? 450,000 × 40% በእርግጥ 180,000 ነው። ማባዛቱ ልክ ነው፣ አካሄዱ ግን ስህተት ነው። መምህሩ ራሱ ከደቂቃ ከአርባ በላይ ቆይቶ አርሞታል። ካልኩሌተር ይህን ዓይነቱን አይዝላችሁም። የሚይዝላችሁ እስከ አጥሩ መድረሻ ድረስ ማንበብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ለክፍል ጓደኞቼ ኖት ሳዘጋጅ "ቆይ፣ ተሳስቻለሁ" የሚለውን አንቀጽ የአፍ ልማድ መስሎኝ ቆረጥኩት። በመሃሉ የጎን ጨዋታ ስለነበር አብሮ ሄደ። የተሳሳተው ቁጥር ኖቱ ላይ ቀረ። ኖቱን ያጠኑት ልጆች ጥያቄውን እንደዚያው ሠርተው ነጥብ አጡ። ከዚያ ወዲህ ምንም ሳልቆርጥ በፊት ፋይሉ ውስጥ እነዚህን ቃላት እፈልጋለሁ፦ ቆይ፣ ተሳስ፣ አጥፉ፣ ይቅርታ፣ አይ አይ፣ እንደገና፣ ሶሪ። "ተሳስ" ብሎ መፈለግ "ተሳስቻለሁ"ንም "ተሳስተናል"ንም ያመጣል።

ሠ. እርማቱን እንዴት ታስቀምጣላችሁ? ስህተቱን አውጡት፣ ምክንያቱን ግን አስቀሩ። "መምህሩ ተሳስቶ ነበር" ማለት አያስፈልግም። እንዲህ ጻፉት፦ *ጥንቃቄ፦ በደብል ዲክላይኒንግ መጀመሪያ ላይ ሳልቬጅ አይቀነስም። 40% የሚሰላው በሙሉ ዋጋው ላይ ነው።* መምህሩ የተሳሳተበት ቦታ ተማሪም የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ይህች መስመር ከሙሉው ገጽ የበለጠ ትጠቅማለች።

ረ. የተዘለለውን ሙሉ፣ ግን የናንተ መሆኑን ምልክት አድርጉ። "እንዲህ እያላችሁ ትወርዳላችሁ" ካለ ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ዓመት ቅጂው ላይ የሉም። ሥሩና ኮከብ አድርጉባቸው።

| ዓመት | መነሻ ቡክ ቫሊዩ | የዓመቱ ቅናሽ | መጨረሻ ቡክ ቫሊዩ |
|---|---|---|---|
| 1 | 500,000 | 200,000 | 300,000 |
| 2 | 300,000 | 120,000 | 180,000 |
| 3* | 180,000 | 72,000 | 108,000 |
| 4* | 108,000 | 43,200 | 64,800 |
| 5* | 64,800 | 14,800 | 50,000 |

የተማሪው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው አሁን ነው። አምስተኛው ዓመት ላይ 64,800 × 40% = 25,920 ነው። ይህ ቢቀነስ 38,880 ይቀራል፤ ከሳልቬጁ በታች ነው። ስለዚህ የሚቀነሰው 64,800 − 50,000 = 14,800 ብቻ ነው። ልጁ ባይጠይቅ፣ ወይም እናንተ ጥያቄውን "የተማሪ ወሬ" ብላችሁ ብትቆርጡት፣ የሠንጠረዡ የመጨረሻ መስመር ስህተት ይሆን ነበር።

ኮከቡ አስፈላጊ ነው። ኖቱን የሚያነብ ሰው የትኛው ከመምህሩ አፍ እንደወጣ፣ የትኛው የናንተ ስሌት እንደሆነ ማወቅ አለበት።

### ቁጥሩ ሲያጠራጥር

በጆሮም በማሽንም በቀላሉ የሚምታቱ ቁጥሮች አሉ። ሠላሳና ስልሳ ዋናዎቹ ናቸው። አርባና አራት፣ ሃምሳና አምስት ይከተላሉ። መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲቆጥር ደግሞ ፊፍቲንና ፊፍቲ፣ ፎርቲንና ፎርቲ ይምታታሉ። ስሌቱ ከማይገጥምበት ቦታ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እነዚህን ነው።

1. የሰዓት ምልክቱን አይታችሁ ወደ ድምፁ ተመለሱ።
2. ኮምፒውተር ላይ `VLC` ከሆነ የምትጠቀሙት `[` ስትጫኑ ድምፁ ይዘገያል፣ `]` ስትጫኑ ይፈጥናል። `Shift` ይዛችሁ የግራ ቀስት ስትጫኑ ሦስት ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልሳል።
3. ሁለት ጊዜ አዳምጣችሁ ካልለየ ከቁጥሩ በፊት ያለውንና ከቁጥሩ በኋላ ያለውን ውጤት ተጠቀሙ። ሂሳቡን የሚያስገጥመው ቁጥር አንድ ብቻ ከሆነ እሱን ጻፉና `[?]` አድርጉበት።
4. ሁለቱም የሚያስገጥሙ ከሆነ አትገምቱ። ሁለቱንም ጻፉና መምህሩን ወይም የክፍል ተጠሪውን ጠይቁ።

## ደረጃ 4፦ የጎን ጨዋታውን ለዩ

አሁን መቁረጥ ትችላላችሁ። የሌክቸር ወሬ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ *ይህ ቢወጣ ቀጥሎ ያለው ይገባል?*

የበሩ ነገር ቢወጣ ምንም አይጎድልም። ወደ "ትርፍ" ይሂድ። የሹፌሩ ጠብም እንዲሁ።

የሚኒባሱን ታሪክ ግን ደግማችሁ አንብቡት። "በመጀመሪያው ዓመት ነው ዋጋው ቁልቁል የወረደው፣ አራተኛው አምስተኛው ላይ እምብዛም አልቀነሰም" ይላል። ይህ ደብል ዲክላይኒንግ ለምን እንደተፈለገ የሚያስረዳ ብቸኛ ቦታ ነው። ስትሬት ላይን በየዓመቱ እኩል ይቀንሳል፤ ተሽከርካሪ ግን መጀመሪያ ላይ ነው ብዙ የሚወርደው። ታሪኩን አውጡ፣ ፍሬውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀሩ፦ *ንብረቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ዋጋ የሚያጣ ከሆነ (ለምሳሌ ሚኒባስ) ይህ ዘዴ እውነታውን ይበልጥ ያሳያል።* "ለምሳሌ" ወይም "እንበል" ወይም "አንድ ሰው ነበር" የሚሉ ቃላት ያሉበትን ታሪክ ሁሉ ከመቁረጣችሁ በፊት ደግማችሁ እዩት።

ሌላው ማስታወቂያ ነው። "ይቺን ፈተና ላይ አያታለሁ"፣ "ምዕራፍ አራት አይካተትም"፣ "አሳይመንቱ ሰኞ ነው" የመሳሰሉት ከትምህርቱ ጋር አይቀመጡም፤ መጣልም የለባቸውም። ኖቱ አናት ላይ "ማስታወቂያ" የሚል ትንሽ ቦታ ክፈቱና እዚያ ሰብስቧቸው። "ፈተና ላይ አያታለሁ" የተባለለት ነጥብ አጠገብ ደግሞ ምልክት አድርጉ።

የመጨረሻው ዓይነት ቦታውን የሳተ ትምህርት ነው። ለምሳሌ 00:48 ላይ ሌላ ተማሪ "ማሽኑ በዓመቱ መሃል ቢገዛስ?" ብሎ ጠየቀ እንበል። መምህሩ በስትሬት ላይን መለሰ፦ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ካለቀና ማሽኑ ጥር 1 ከተገዛ፣ ስድስት ወር ብቻ ነው የሚታሰበው። የዓመቱ ቅናሽ (500,000 − 50,000) ÷ 5 = 90,000 ነው፤ የስድስት ወሩ 45,000። ይህ መልስ የተሰጠው ደብል ዲክላይኒንግ መሃል ስለሆነ እዚያው ከተተወ አንባቢን ያወናብዳል። ቆርጣችሁ ወደ ስትሬት ላይን ክፍል ውሰዱት። የሰዓት ምልክቱም አብሮ ይሂድ።

ማስጠንቀቂያ፦ የተማሪን ጥያቄ ቆርጣችሁ መልሱን ብቻ አትተዉ። "እዚያ ጋ ትቆማላችሁ" የሚል መልስ ያለ ጥያቄው ትርጉም የለውም። ጥያቄውን በአንድ መስመር አሳጥራችሁ ከመልሱ በላይ አስቀምጡ። የጠያቂው ስም አያስፈልግም።

## ደረጃ 5፦ የአፍ ልማድ ቃላትን ልቀሙ

እዚህ ላይ ሰው የሚሠራው ትልቁ ስህተት "ፈልግና ተካ" ከፍቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማጥፋት ነው። በአማርኛ ይህ አይሠራም። ፊደሎቹ ሌላ ቃል ውስጥ ይገኛሉ።

"ሶ"ን በሙሉ ካጠፋችሁ "ሶስት" የተባለው ሁሉ "ስት" ይሆናል። "ያው"ን ካጠፋችሁ "የሚያውቅ" የነበረው "የሚቅ" ይሆናል። "በቃ"ን ካጠፋችሁ "በቃል" የነበረው "ል" ብቻ ይቀራል። አንድ ጊዜ ከተደረገና ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ መመለሻ የለውም። `Replace All` የሚለውን አትጫኑ። `Find Next` እያላችሁ አንድ በአንድ እዩ።

አንዳንዶቹ ደግሞ የአፍ ልማድ ይመስላሉ እንጂ ሥራ አላቸው። በተለይ እነዚህን ጠብቁ፦

ያው። "ያው እንግዲህ" ሲል ባዶ ነው፤ ይውጣ። "ሁለተኛው ዓመት ያው አርባ ፐርሰንት" ሲል ግን መጠኑ አይለወጥም ማለቱ ነው። ሰርዛችሁ ከሆነ ሕጉን ነው የሰረዛችሁት። "መጠኑ በየዓመቱ 40% እንደሆነ ይቆያል" ብላችሁ ጻፉት።

ማለት ነው። በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የተለጠፈ ከሆነ ይውጣ። "ሳልቬጅ ማለት ንብረቱ አገልግሎቱን ሲጨርስ ይሸጥበታል ተብሎ የሚገመተው ዋጋ ነው" በሚለው ውስጥ ያለው "ማለት" ግን ትርጓሜ ነው። ትርጓሜ በተገኘ ቁጥር ጎላ አድርጋችሁ ጻፉ።

አይደል? ይውጣ። ነገር ግን ከ"አይደለም" ጋር አትምታቱ። በፍጥነት የሚያወራ መምህር "አይደለም"ን ሲውጠው ትራንስክሪፕቱ "አይደል" ብሎ ሊጽፈው ይችላል። የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ከተገለበጠባችሁ ድምፁን አዳምጡ።

ሶ እና ስለዚህ። ሁለት የሂሳብ መስመሮችን የሚያገናኝ ከሆነ "ስለዚህ" ብላችሁ አስቀሩት። ከምንም ጋር የማያገናኝ ከሆነ ይውጣ።

"እሺ"፣ "እ..."፣ "ገባችሁ?"፣ "እንግዲህ ምንድነው"፣ "ኦኬ" ብዙ ጊዜ ያለ ሃሳብ መውጣት ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፦ መምህሩ "ገባችሁ?" ብሎ ከቆየና ሌላ ማብራሪያ ከጨመረ፣ ክፍሉ አልገባውም ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ማብራሪያውን አታሳጥሩ።

ስትፈልጉ የፊደል ልዩነትን አትርሱ። ትራንስክሪፕቱ "ሠላሳ" ብሎ ጽፎ እናንተ "ሰላሳ" ብላችሁ ብትፈልጉ አይመጣም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሃ፤ ሰ እና ሠ፤ ጸ እና ፀ ያሉባቸውን ቃላት በየመልካቸው ፈልጉ።

## ደረጃ 6፦ ቅርጽ ስጡት

ርዕስ ስትሰጡ የሌክቸሩን ቅደም ተከተል ሳይሆን የትምህርቱን ቅደም ተከተል ተከተሉ። በ`Word`ም ሆነ በ`Google Docs` ዋና ርዕስ ላይ `Ctrl+Alt+1`፣ ንዑስ ርዕስ ላይ `Ctrl+Alt+2` ተጫኑ። በፊደል መጠን ብቻ አታሳድጉ፤ በጎን በኩል የርዕስ ዝርዝር የሚወጣላችሁ በትክክለኛው የርዕስ ስልት ከሠራችሁ ነው።

በእያንዳንዱ ዘዴ ሥር ይህን ቅደም ተከተል እጠቀማለሁ፦ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያገለግል፣ ቀመሩ፣ ምሳሌው፣ ጥንቃቄው። ምሳሌውን ገጹ መጨረሻ ላይ "ምሳሌዎች" ብላችሁ ለብቻው አታከማቹት። ቀመሩን ያነበበ ዓይን ወዲያው ቁጥሩን ማየት አለበት።

የደብል ዲክላይኒንጉ ክፍል ከሥራው በኋላ ይህን ይመስላል፦

> ደብል ዲክላይኒንግ [00:41:10]
>
> መቼ፦ ንብረቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ዋጋ የሚያጣ ሲሆን (ለምሳሌ ሚኒባስ)።
>
> ቀመር፦ የዓመቱ ቅናሽ = የዓመቱ መነሻ ቡክ ቫሊዩ × (1 ÷ የአገልግሎት ዘመን) × 2
>
> ምሳሌ 2፦ ዋጋ 500,000፤ ሳልቬጅ 50,000፤ 5 ዓመት። መጠኑ 20% × 2 = 40%፤ በየዓመቱ አይለወጥም።
> ዓመት 1፦ 500,000 × 40% = 200,000፤ ቡክ ቫሊዩ 300,000
> ዓመት 2፦ 300,000 × 40% = 120,000፤ ቡክ ቫሊዩ 180,000
> (ከ3 እስከ 5 ሠንጠረዡን ተመልከት*)
>
> ጥንቃቄ፦ መጀመሪያ ላይ ሳልቬጅ አይቀነስም።
>
> ጥያቄ፦ አምስተኛው ዓመት ላይ ከሳልቬጅ በታች ቢወርድስ? መልስ፦ ሳልቬጁ ላይ ይቆማል። 14,800 ብቻ ይቀነሳል፣ 25,920 አይደለም*። [00:46:15]

የእንግሊዝኛውን ቃል በግድ ወደ አማርኛ አትተርጉሙ። ፈተናው "ሳልቬጅ ቫሊዩ" ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ኖቱም እንደዚያው ይበል። የምትመርጡት ቃል ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ይሁን። አንዱ ገጽ ላይ "ሳልቬጅ"፣ ሌላው ላይ "ሬዚዱዋል" ካለ አንባቢው ሁለት የተለያየ ነገር ይመስለዋል። መምህሩ ሁለቱንም ከተጠቀመ መጀመሪያ ሲመጣ "ሬዚዱዋልም ይባላል" ብላችሁ አንዱን ያዙ።

## ደረጃ 7፦ ፍተሻ

1. ያን ቀን ክፍል ያልነበረ ሰው ፈልጉ። ኖቱን ስጡትና ምሳሌውን ዘግቶ ከተሰጡት ቁጥሮች ብቻ ተነስቶ እንዲሠራው ጠይቁት። የቆመበት መስመር እናንተ የቆረጣችሁት መስመር ነው። "ጥሬ"ን ክፈቱና መልሱት።
2. "ትርፍ" ፋይሉን አንድ ጊዜ ቶሎ ብላችሁ እዩት። ቁጥር ያለበት አንቀጽ እዚያ ካለ ለምን እንደወጣ ራሳችሁን ጠይቁ።
3. `[?]` ብላችሁ ፈልጉ። ያልተፈታ ካለ ዝርዝሩን ከነሰዓት ምልክቱ ለመምህሩ ውሰዱ። "ሌክቸሩ አልገባኝም" ከማለት "አርባ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ያሉት ቁጥር ሠላሳ ነው ስልሳ?" ማለት ቶሎ መልስ ያስገኛል።

## ሲበላሽ

ኖቱ ከትራንስክሪፕቱ ብዙም ካላጠረ፦ ምናልባት የቆረጣችሁት ቃል ብቻ ነው፤ አንቀጽ አልቆረጣችሁም። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። መምህር አንድን ነጥብ ሦስት ጊዜ በተለያየ አነጋገር የሚደግም ከሆነ ግልጽ የሆነውን አንዱን አስቀሩ።

ከመጠን በላይ ካጠረ፦ ምሳሌዎቹን ቁጠሩ። ደረጃ 2 ላይ ያጠራችኋቸው ስድስት ከነበሩና ኖቱ ላይ አራት ካሉ ሁለቱን ከ"ትርፍ" ወይም ከ"ጥሬ" አምጡ።

ስሌቱ በምንም መንገድ ካልገጠመ፦ ምሳሌውን አታስተካክሉት፣ አትሰርዙትም። "በቅጂው መሠረት እንዲህ ተብሏል፤ ስሌቱ ግን አልገጠመም" ብላችሁ ሁለቱንም አስቀምጡና `[?]` አድርጉ። በግምት የተስተካከለ ምሳሌ ከጎደለ ምሳሌ የባሰ ነው፤ አንባቢው አይጠረጥረውማ።

ድምፁ ራሱ ከተቆረጠ፦ የጎደለውን የሰዓት ክልል ኖቱ ላይ ጻፉ፣ ለምሳሌ "ከ00:52 እስከ 00:55 የለም"። ከዚያ ከጓደኛ ደብተር ሙሉትና ከደብተር መሆኑን ግለጹ።

## የሰዓት ምልክቶቹን ማውጣት

ይህን የምታደርጉት `[?]` ሁሉ ከተፈታ በኋላ ብቻ ነው። መጀመሪያ ምልክት ያለበትን ኖት ግልባጭ አስቀሩ፤ አንድ ቀን ሰው "ይህ ከየት መጣ?" ሲላችሁ የምትከፍቱት እሱን ነው። ከዚያ የሚታደለውን ኖት ወደ `Notepad++` ገልብጡና `Ctrl+H` ተጫኑ። `Regular expression` የሚለውን ምረጡ። `Find what` ላይ ይህን አስገቡ፤ `Replace with` ባዶ ይሁን፦

```
\[\d\d:\d\d:\d\d\]\h?
```

እዚህ ላይ `Replace All` ችግር የለውም፤ ቅርጹ ከሰዓት ምልክት ውጪ ሌላ ነገር አይነካም። `Notepad++` ግን የርዕስ ስልቱንና ሠንጠረዡን አይዝም። ስለዚህ ሠንጠረዥ ያለበት ኖት ከሆነ ምልክቶቹን እዚያው `Word` ላይ በእጅ አውጧቸው። ደረጃ 6 ላይ በየክፍሉ አንድና ሁለት ብቻ ስለቀሩ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም።